የማስተዋወቅ ጥያቄ ኢሜይል

የማስተዋወቅ ጥያቄ ኢሜይል አንድ ሻጭ ወይም አገልግሎት ሰጪ በሥራው ለረካ ደንበኛው ጽፎ፣ ደንበኛው ከሚያውቀው ሌላ የንግድ ሰው ጋር እንዲያገናኘው የሚጠይቅበት የሥራ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ሦስተኛውን ሰው በቀጥታ ማግኘት አቅቶት ላይሆን ይችላል፤ ስልኩም ኢሜይሉም በእጁ ሊኖር ይችላል። የሚፈልገው አድራሻውን ሳይሆን፣ የሚታመን ሰው «ሥራቸውን አይቻለሁ» ብሎ በሩን እንዲከፍትለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኢሜይሉን የሚጽፈው ጠያቂ፣ ደንበኛው አገናኝ፣ ሊገኝ የተፈለገው ሰው ደግሞ ተፈላጊ ተብለው ይጠራሉ።

## አገናኙ የሚያስይዘው ነገር

የአገናኙ ቦታ በምስክርና በዋስ መካከል ነው። ምስክር ያየውን ተናግሮ ይሄዳል፤ ዋስ ግን ዋስ የሆነለት ሰው ሲያጎድል ከኪሱ ይከፍላል። አገናኝ በሕግ የሚጠየቅበት ዕዳ የለም። ሆኖም የተዋወቀው ድርጅት ቀጠሮ ቢያፈርስ ወይም ሥራውን ቢያበላሽ፣ ተፈላጊው የሚያስታውሰው የድርጅቱን ስም ብቻ ሳይሆን «እገሊት የላከችልኝ ሰዎች» የሚለውን ነው። ሥራው ሲሳካ ገንዘቡ የሚገባው ለጠያቂው ሲሆን፣ ሳይሳካ ሲቀር ስሙ የሚጎዳው አገናኙ ነው። ስለ ኢሜይሉ አጻጻፍ የሚነገሩት ደንቦች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ አለመመጣጠን የመነጩ ናቸው። ጥሩ ኢሜይል ደንበኛውን ከሁለት ነገሮች ያሳርፈዋል፤ አንዱ ስለ ሌላ ሰው ሥራ ደብዳቤ የመጻፍ ድካም ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እምቢ ለማለት ሲያስብ የሚሰማው ሀፍረት።

ነገሩ ከኢሜይል በፊትም ነበረ። የሮማው ተናጋሪና ፖለቲከኛ ኪኬሮ ለወዳጆቹ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች መካከል 13ኛው መጽሐፍ ከሞላ ጎደል በሙሉ የማስተዋወቂያና የአደራ ደብዳቤዎች ስብስብ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1777 በፓሪስ ሳለ፣ ወደ አሜሪካ መሄድ የሚፈልጉ የማያውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ ጻፍልን እያሉ ቢያስቸግሩት፣ «ለማላውቀው ሰው» የሚሆን የፌዝ ናሙና አዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ናሙና ላይ ስለ ደብዳቤው ተሸካሚ ጠባይ ከእርሱ ይልቅ ተሸካሚው ራሱ እንደሚያውቅ ይገልጻል። ቀልድ ቢመስልም ዛሬም የሚደርሰውን ነገር ያሳያል፤ ሥራውን የማያውቅ ወይም ተገድዶ የሚጽፍ አገናኝ የሚልከው ደብዳቤ ባዶ ነው፣ ባዶነቱንም አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል።

## ጊዜውና ሰዎቹ

«የረካ ደንበኛ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በግዴለሽነት ይነገራል። በመጠይቅ ላይ ከፍተኛ ነጥብ የሰጠ ሁሉ ለማገናኘት ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ፍሬድ ራይክሄልድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀውና ዛሬ በየድርጅቱ የሚሠራበት መለኪያ፣ ደንበኛው ድርጅቱን ለወዳጁ የመጠቆም ዕድሉን ከ0 እስከ 10 ባለው ነጥብ እንዲገልጽ ይጠይቃል፤ 9 እና 10 የሰጡት «አስተዋዋቂዎች» ይባላሉ። ነገር ግን በመጠይቅ ላይ ቁጥር መምረጥ ምንም አያስከፍልም፣ የወዳጅን ጊዜ መጠየቅ ግን ያስከፍላል። ከነጥቡ ይልቅ የሚታመነው ድርጊት ነው፦ ደንበኛው ውሉን ሳይወተወት አድሷል፣ ሳይጠየቅ ምስጋና ጽፏል፣ ወይም አዲስ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የደወለው ለዚህ ድርጅት ነው።

ጥያቄው የሚላከው አንድ የሚታይ ውጤት ከተገኘ በኋላ ነው። ያልተዘጋ ቅሬታ እያለ መጠየቅ ደንበኛውን ያስቆጣል። ከክፍያ መጠየቂያ ጋር በአንድ ኢሜይል ማያያዝም ስሕተት ነው፤ ደንበኛው ገንዘብም ውለታም በአንድ ጊዜ የተጠየቀ ይመስለዋል፣ ኢሜይሉም ወደ ሒሳብ ክፍል ተላልፎ እዚያው ይቀራል።

ተፈላጊው ደግሞ በስም የታወቀ አንድ ሰው መሆን አለበት። «የሚያውቁት ሰው ካለ» የሚለው ጥያቄ ደንበኛው የሚያውቃቸውን ሁሉ በአእምሮው እንዲያበጥር ያስገድደዋል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ይህን ለነገ ያሳድረዋል፣ ነገ ደግሞ አይመጣም። ጠያቂው በሊንክድኢን ላይ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ አይቶ ስም ሊመርጥ ይችላል፣ ነገር ግን ሰዎች በዚያ መድረክ ከማያውቋቸው ጋርም ስለሚያያዙ መያያዙ ብቻውን ትውውቅን አያረጋግጥም። ስለዚህ ኢሜይሉ «እንደሚያውቋቸው አይቻለሁ» ከማለት ይልቅ «ያውቋቸው እንደሆነ» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

## ሁለት መልእክቶች

በሥራው የሠለጠኑ ሰዎች ጥያቄውን በአንድ ኢሜይል አይጨርሱም። የመጀመሪያው ለደንበኛው ብቻ የሚጻፍ የግል ማስታወሻ ነው፤ ማንን ማግኘት እንደተፈለገ፣ ለምን፣ እንዲሁም እምቢ ማለት እንደሚቻል ይናገራል። ሁለተኛው ለደንበኛው የተላከ ሆኖ እንዳለ ለተፈላጊው እንዲተላለፍ የተዘጋጀ ነው። አገናኙ ከላዩ ሁለት መስመር ጨምሮ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ አይኖርበትም።

ሁለተኛው መልእክት የራሱ ርዕስ ያለው አዲስ ኢሜይል መሆን አለበት፤ ለቀድሞ ደብዳቤ መልስ ሆኖ መላክ የለበትም። ምክንያቱም ኢሜይል ሲተላለፍ ከሥሩ የተንጠለጠለው የቀድሞ ምልልስ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በዚያ ውስጥ የተደራደሩበት ዋጋ፣ የቆየ ቅሬታ ወይም የሠራተኛ ስም ሊኖር ይችላል። አገናኙ በስልኩ ላይ ሆኖ ሲያስተላልፍ እስከ ታች አይመለከትም፤ ተፈላጊው ግን ይመለከታል።

## ምሳሌ፦ የማቀዝቀዣ ክፍል ጥገና

የሚከተለው ሁኔታ ለማስረዳት የተዘጋጀ ምናባዊ ምሳሌ ነው። አንድ አነስተኛ የአዲስ አበባ ድርጅት በሆለታ አካባቢ ያለ የጽጌረዳ እርሻን ማቀዝቀዣ ክፍሎች ይጠግናል። የተቆረጠ ጽጌረዳ እስኪጫን ድረስ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት ስላለበት፣ ክፍሉ ለጥቂት ሰዓታት ቢቆም እንኳ አበባው በገዢው ማስቀመጫ ውስጥ የሚቆይበት ዕድሜ ያጥራል። ድርጅቱ ለስድስት ወር ከሠራ በኋላ በዝዋይ (ባቱ) ያለ ሌላ እርሻ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊን ማግኘት ፈለገ። የሆለታዋ የምርት ሥራ አስኪያጅ ከኃላፊው ጋር ቀድሞ አብረው መሥራታቸውን በጨዋታ መካከል አንሥተው ነበር።

ብዙ ድርጅቶች በዚህ ጊዜ የሚልኩት እንዲህ ያለውን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፤ በአገልግሎታችን እንደተደሰቱ ተስፋ እናደርጋለን። ጥራት ያለው አገልግሎታችን ሊጠቅማቸው የሚችሉ ሌሎች ድርጅቶች ካሉ ቢጠቁሙን ምስጋናችን የላቀ ነው።»

ኢሜይሉ ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል የለበትም። ነገር ግን ማን እንደተፈለገ አይናገርም፣ ለተፈላጊው የሚተላለፍ ነገር አልያዘም፣ ድርጅቱ ለወ/ሮ እገሊት ምን እንደሠራም አያስታውስም። ለሁሉም ደንበኛ የተላከ እንደሆነ ያስታውቃል። የዚህ ኢሜይል የተለመደ ዕጣ ዝምታ ነው።

የተሻለው የግል ማስታወሻ የሚከተለው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፤

ባለፈው ሳምንት የላክንልዎት የስድስት ወር ሪፖርት እንደደረሰዎት አምናለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። በዝዋዩ እርሻ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ የሆኑትን አቶ እገሌን አሁንም በቅርብ ያውቋቸው እንደሆነና፣ ማገናኘቱ የማይከብድዎ ከሆነ፣ ቀጥሎ የምልከውን አጭር መልእክት እንዲያስተላልፉላቸው እጠይቅዎታለሁ። ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ ቢያገናኙን ይበቃል።

በመልእክቱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የእርሻችሁ ናቸው፤ እንዲወጣ የማይፈልጉት ካለ ይቁረጡት ወይም ይንገሩኝና ላስተካክለው። ሁለቱ እርሻዎች በገበያ ስለሚገናኙ ወይም በሌላ ምክንያት የማይመችዎ ከሆነ «አይመቸኝም» ቢሉኝ በቂ ነው። የጥገናው ሥራ እንደሆነ በነበረበት ይቀጥላል።»

ቀጥሎ የሚተላለፈው መልእክት «የማቀዝቀዣ ክፍል ጥገና፦ ከአቶ እገሌ ጋር የ20 ደቂቃ ስልክ» በሚል ርዕስ ይላካል፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፤

ከአቶ እገሌ ጋር ለማገናኘት ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ድርጅታችን የአበባ እርሻዎችን ማቀዝቀዣ ክፍሎች ይጠግናል። እርስዎ ዘንድ ሥራ ከመጀመራችን በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ክፍሎቹ ያለ ዕቅድ 11 ጊዜ ቆመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ስድስት ወራት የቆሙት 2 ጊዜ ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው የበሮቹን ላስቲክ መቀየራችንና የኮንዴንሰሩን ጽዳት በየሁለት ሳምንቱ ማድረጋችን ነው።

አቶ እገሌ ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለ20 ደቂቃ በስልክ ያደረግነውን ላስረዳቸው እችላለሁ። ችግሩ ከሌለባቸው ጊዜያቸውን መውሰድ አልፈልግም።»

በሁለተኛው መልእክት ውስጥ ተፈላጊው የሚፈልገው ሁሉ አለ፤ ማን እንደጠየቀው፣ ምን እንደሠሩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት። ሥራው በትክክል መነገሩ ከ«ጥራት ያለው አገልግሎት» የበለጠ ያሳምናል፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው የበር ላስቲክ ምን ያህል ቅዝቃዜ እንደሚያስወጣ ያውቃልና። በሌላ በኩል 11 የሚለው ቁጥር አደገኛ ነው። ለጠያቂው ማስታወቂያ ቢሆንም ለሆለታው እርሻ ገበናው ነው፤ ተፎካካሪው እጅ ሲገባ ያ እርሻ ለወራት ቅዝቃዜውን መጠበቅ አቅቶት እንደነበር ይናገራል። ለዚህ ነው የግል ማስታወሻው ስለ ቁጥሮቹ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቀው። ይህን ነጥብ የዘለለ ኢሜይል፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም፣ ደንበኛ ሊያሳጣ ይችላል።

ቅደም ተከተሉም ልብ ሊባል ይገባዋል። የሚተላለፈው መልእክት «ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ» ብሎ ስለሚጀምር መላክ ያለበት ወ/ሮ እገሊት እሺ ካሉ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚልክ ሰው የመግቢያውን ዐረፍተ ነገር «ቢያገናኙኝ ደስ ይለኛል» ወደሚል መቀየር ይኖርበታል፤ ካልሆነ ምስጋናው ግፊት ይሆናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ያጋጥማሉ። በአበባ እርሻዎች ውስጥ የውጭ አገር ዜጎች በኃላፊነት ስለሚሠሩ፣ የግል ማስታወሻው በአማርኛ ሆኖ የሚተላለፈው ክፍል በእንግሊዝኛ መጻፍ ሊኖርበት ይችላል። ደግሞም አገናኙ መልእክቱን በኢሜይል ከማስተላለፍ ይልቅ ቀድቶ በቴሌግራም መላክን ወይም መደወልን ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ የሚተላለፈው ክፍል በአንድ የስልክ ገጽ የሚነበብ፣ አባሪ የሌለው፣ ከጽሑፍ በቀር ምንም ያልያዘ ቢሆን ይመረጣል። ጠያቂውና ደንበኛዋ በአካል ሲገናኙ «አንቺ» የሚባባሉ ወዳጆች ቢሆኑም፣ ይህ ክፍል ሦስተኛ ሰው የሚያነበው ስለሆነ በ«እርስዎ» ይጻፋል።

## «ስልኩን ልስጥህ»

ከደንበኞች በብዛት የሚመጣው መልስ እሺም እምቢም አይደለም፤ «ስልኩን ልስጥህ፣ እኔ እንደላክሁህ ንገረው» የሚል ነው። ለጠያቂው ስጦታ ይመስላል፣ ግን ማስተዋወቅ አይደለም። ተፈላጊው የማያውቀው ሰው ደውሎ የወዳጁን ስም ሲጠራበት እውነት ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አይችልም፤ ስም ጠርቶ የሚነግድ ሰው ደግሞ ሞልቷል። ደንበኛውም ቁጥሩን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰጥቷል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ቁጥሩን ተቀብሎ መደወል ሳይሆን፣ «አመሰግናለሁ፤ ከመደወሌ በፊት አንድ መስመር ቢጽፉላቸው ወይም ቢነግሯቸው እጠብቃለሁ» ብሎ መመለስ ነው።

በዚህ መልስ ውስጥ ያለው ሐሳብ በንግድ ሰዎች ዘንድ በሁለት ወገን ፈቃድ ማስተዋወቅ ይባላል። የኒው ዮርክ የቬንቸር ካፒታል ባለሙያ ፍሬድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በብሎጉ ላይ ስለዚህ ከጻፈ በኋላ ስያሜው በቴክኖሎጂ ድርጅቶች አካባቢ ተለምዷል። አገናኙ መጀመሪያ ተፈላጊውን ለብቻው ይጠይቃል፤ እሺ ሲባል ብቻ ሁለቱን በአንድ ኢሜይል ያገናኛቸዋል። ተፈላጊው እምቢ ካለ ጠያቂው ፊት ለፊት አልተነገረውምና ማንም አያፍርም። አንዳንዶች ይህን አላስፈላጊ መጓተት ያደርጉታል። በእርግጥ ሁለቱ ወገኖች ለመገናኘት እንደሚፈልጉ አገናኙ አስቀድሞ ካወቀ መጠየቁ ትርፍ ነው፤ ሻጭና ገዢ በሚሆኑበት ጊዜ ግን ይህ ብዙም አያጋጥምም።

## ከተገናኙ በኋላ

የማገናኛው ኢሜይል ሲደርስ ጠያቂው በዚያው ቀን መመለስ አለበት። በመልሱ መጀመሪያ አገናኙን ያመሰግንና አድራሻቸውን ወደ Bcc ያዛውራል። እንዲህ ሲሆን አገናኙ የመጀመሪያው መልስ መላኩን ያያሉ፣ ተፈላጊው ለሁሉም መልስ ቢሰጥ እንኳ ከዚያ በኋላ ያለው የቀጠሮ ምልልስ አይደርሳቸውም። አድራሻቸውን በCc ላይ መተው ስለ ማክሰኞና ሐሙስ የሚደረገውን ድርድር ሁሉ ሳጥናቸው ውስጥ ያስገባል።

አገናኙ የማያገኙት፣ ግን ከሁሉ የሚገባቸው መልእክት ውጤቱን የሚናገረው ነው። ከስልኩ ውይይት በኋላ «ተነጋግረናል፤ በሚመጣው ወር ክፍሎቹን እንድናይ ጠይቀውናል» ወይም «አሁን ሌላ ውል ስላላቸው አልተስማማንም፣ ግን በጥሩ ተቀብለውኛል» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ተፈላጊውን ከወር በኋላ በስብሰባ ላይ ሲያገኟቸው ምን እንደሆነ የማያውቁ አገናኝ ሁለተኛ ጊዜ አያገናኙም።

ደንበኛው ለመጀመሪያው ጥያቄ ካልመለሱ ከሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይቻላል። ለሁለተኛውም ዝም ካሉ ዝምታው መልስ ነው፤ በአገራችን የይሉኝታ ባህል ደግሞ እምቢታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚሁ መልክ ነው። «እስቲ አየዋለሁ» የሚለውም መልስ ቀን ካልተቆረጠለት ከዝምታ የራቀ አይደለም።

## ገደቦች

ኢሜይሉ የማይገባበት ጊዜ አለ። ተፈላጊው ድርጅት ጨረታ አውጥቶ ከሆነ፣ ጨረታው ክፍት በሆነበት ጊዜ ከኃላፊው ጋር በወዳጅ በኩል መገናኘት ተጫራቹን ሊያስወጣ፣ ኃላፊውንም ሊያስጠይቅ ይችላል። ደንበኛውና ተፈላጊው ክስ ወይም የገንዘብ ክርክር ካላቸውም ጥያቄው ቦታ የለውም። ይህን ጠያቂው ላያውቅ ስለሚችል ነው የግል ማስታወሻው ምክንያት ሳይጠይቅ እምቢታን የሚፈቅደው።

ኢሜይሉን ማን ላከው የሚለውም በሕግ ለውጥ ያመጣል። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ ጎብኚዎች ለወዳጆቻቸው ጥቆማ እንዲልኩ ያዘጋጀውን አገልግሎት መርምሮ፣ ተቀባዩ ሳይፈቅድ በዚያ መንገድ የደረሰው ኢሜይል የድርጅቱ የራሱ ማስታወቂያ ነው ብሏል። አድራሻውን ያስገባው ሌላ ሰው መሆኑ ድርጅቱን ነጻ አላወጣውም። ውሳኔው የተመለከተው በድርጅቱ ሥርዓት የተላከን ኢሜይል ነው። ደንበኛው በራሱ ፈቃድ፣ ከራሱ አድራሻ፣ በራሱ ቃል ለወዳጁ የሚጽፈው ደብዳቤ ከዚህ የተለየ ነው። ጥያቄውን ወደ ሙሉ አውቶማቲክ ሥርዓት የሚለውጡ ድርጅቶች ይህን ልዩነት ያጠፉታል።

ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ ነገሩ ስሙን ይቀይራል። ለእያንዳንዱ የተዋወቀ ገዢ ኮሚሽን የሚከፈለው ሰው አገናኝ ሳይሆን ደላላ ነው። ድለላ ራሱን የቻለ የታወቀ ሥራ ነው፤ ተፈላጊው ግን የሚሰማው የደላላን ቃል እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ አንድን ምርት የሚያወድስ ሰው ከሻጩ ክፍያ የሚያገኝ ከሆነ እንዲገልጽ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ለአገናኝ ክፍያ የሚሰጡ ድርጅቶች በሚተላለፈው መልእክት ላይ ክፍያ መኖሩን የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ክፍያውን ትተው ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ለሚጠይቀው ሥራ ቅድሚያ መስጠትን ይመርጣሉ።